ዙሩን ማስቆም፦ ስለ ዝምተኛ የስሌት ስህተትና ስለ ብሬክፖይንት

በ2010 እ.ኤ.አ. ካርመን ራይንሃርትና ኬኔዝ ሮጎፍ የመንግሥት ዕዳና የኢኮኖሚ ዕድገት ያላቸውን ግንኙነት የሚመረምር አጭር ጥናት አሳተሙ። ጥናቱ በአውሮፓና በአሜሪካ የመንግሥት ወጪ ቅነሳን የሚደግፉ ፖለቲከኞች ደጋግመው ጠቀሱት። ከሦስት ዓመት በኋላ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበረው ቶማስ ሄርንደን ከማይክል አሽና ከሮበርት ፖሊን ጋር ሆኖ የስሌቱን የኤክሴል ሠንጠረዥ መረመረ። አማካዩን የሚያወጣው ፎርሙላ አምስት አገሮችን ሳይቆጥር እንዳለፈም አገኘ። በመጨረሻው ውጤት ላይ ለታየው ልዩነት ይህ ብቸኛው ምክንያት አልነበረም፤ ከመረጃ አመራረጥና ከአመዛዘን ዘዴ ጋር የተያያዙ ሌሎች ነጥቦችም ነበሩ። ነገር ግን በሰው ሁሉ አእምሮ የቀረው የተዘለሉት አምስት መስመሮች ጉዳይ ነው፤ ምክንያቱም ሠንጠረዡ ምንም ዓይነት የስህተት መልእክት አላሳየም፤ ስሌቱም እስከ መጨረሻው በሰላም ተጠናቋል።

የፖሊሲ ትንታኔ ዛሬ ከሠንጠረዥ ወደ ኮድ እየተሻገረ ነው። የቤተሰብ ጥናት፣ የዋጋ መረጃና የሐዋላ ገንዘብ ቁጥር በፓይተን ወይም በአር በተጻፈ አጭር ፕሮግራም ይጠራል፣ ይደመራል፣ ይካፈላል። መሣሪያው ቢለወጥም የአደጋው ጠባይ አልተለወጠም። ፕሮግራምን የሚያቆም ስህተት ራሱን ስለሚያጋልጥ ብዙ አያሳስብም። አሳሳቢው በዙር ውስጥ አንዳንድ መስመሮችን በጸጥታ ዘልሎ በመጨረሻ ለዓይን የማያጠራጥር ቁጥር የሚሰጥ ስህተት ነው። እንዲህ ያለውን ስህተት ለማደን አብዛኛው ሰው የሚመርጠው መንገድ በኮዱ ውስጥ `print` መርጨት ነው። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ ግን ዙር ውስጥ ለተሸሸገ ስህተት ትክክለኛው የመጀመሪያ እርምጃ ፕሮግራሙን በብሬክፖይንት አስቁሞ መጠየቅ ነው የሚል ነው።

አንድ ዙር፣ ስምንት ቤተሰቦች

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት ተንታኝ በወር ከውጭ አገር የሚላክላቸውን ገንዘብ በዶላር የተናገሩ የስምንት ቤተሰቦች መልስ ቀርቦላታል እንበል። በብዙ የቤተሰብ ጥናቶች እንደተለመደው መልስ ያልሰጠ ቤተሰብ በ-99 ተመዝግቧል። አማካዩ ከመውጣቱ በፊት እነዚህ የመልስ አልባ ምልክቶች መወገድ አለባቸው። ተንታኟም `clean.py` በሚባል ፋይል ውስጥ የሚከተለውን ትጽፋለች።

```python
values = [420, -99, -99, 310, 505, -99, 280, 610]

for v in values:
    if v == -99:
        values.remove(v)

print(sum(values) / len(values))
```

ኮዱ እንደ ተራ ዓረፍተ ነገር ይነበባል፤ "በዝርዝሩ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ተመልከት፤ -99 ከሆነ አስወግድ" ይላል። ፕሮግራሙ ሲሠራ ወደ 337.67 የሚጠጋ ቁጥር ያወጣል። ቁጥሩ ለሐዋላ አማካይ የማይመስል አይደለም፤ ሪፖርት ውስጥ ቢገባ ማንም ቅንድቡን አያነሳም። ትክክለኛው መልስ ግን 425 ነው። አምስቱ መልስ የሰጡ ቤተሰቦች የተናገሩት ሲደመር 2,125፣ ለአምስት ሲካፈል 425 ይሆናል። የፕሮግራሙ ውጤት ከእውነቱ በአንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ ነው።

ተንታኟ ውጤቱን ተጠራጥራ `print` ለመጠቀም ብትወስን በመጀመሪያ የሚመጣላት ሐሳብ ከማስወገጃው መስመር በታች `print("removed", v)` ብሎ መጨመር ነው። ፕሮግራሙ ሲሠራ `removed -99` የሚለው መልእክት ሁለት ጊዜ ይታያል። እዚህ ላይ የ`print` ድክመት ይጀምራል። መልእክቱ ውሸት አይደለም፤ ሁለት -99 በእርግጥ ተወግደዋል። ነገር ግን የመለሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። ከመረጃው ውስጥ -99 ሦስት ጊዜ እንዳለ የምታውቅ ሰው አንዱ እንደጎደለ ትረዳለች፤ ስምንት ሺህ መስመር ያለው ፋይል ላይ ግን በሺህ የሚቆጠሩ `removed -99` በማያ ገጹ ላይ ሲወርዱ አንድ ሺህ ይሁኑ አንድ ሺህ አምስት መቶ በዓይን የሚለይ የለም። ስህተቱ የሚገኘው ባልታተመው ውስጥ ነው፤ `print` ደግሞ ያልተከሰተን ነገር አያትምም።

አስቁሞ መጠየቅ

ዲበገር አንድን ፕሮግራም በፈለጉት መስመር ላይ አስቁሞ፣ በዚያች ቅጽበት በማኅደረ ትውስታው ያለውን ሁሉ ለመመልከት የሚያስችል መሣሪያ ነው። ፕሮግራሙ የሚቆምበት ምልክት ብሬክፖይንት ይባላል። ፓይተን `pdb` የሚባል ዲበገር ከራሱ ጋር ይዞ ስለሚመጣ ለብቻው የሚጫን ነገር የለም። ቪኤስ ኮድና ፓይቻርም በመሳሰሉት አርታኢዎች ውስጥ ደግሞ ከመስመር ቁጥሩ ጎን ጠቅ በማድረግ ቀይ ነጥብ ማኖር ይበቃል።

ተንታኟ ኮዱን ሳትነካ ፕሮግራሙን በ`pdb` ታስነሳለች። ከዚያም በአምስተኛው መስመር፣ ማለትም `values.remove(v)` በሚለው ላይ ብሬክፖይንት ታኖራለች። `b` ብሬክፖይንት ማኖሪያ፣ `c` እስከሚቀጥለው ብሬክፖይንት መቀጠያ፣ `n` አንድ መስመር ብቻ ፈጽሞ መቆሚያ፣ `p` ደግሞ የአንድን ነገር ዋጋ ማሳያ ነው። `pdb` በየጊዜው የሚያሳያቸው የፋይልና የመስመር መግለጫዎች ሲቀሩ ንግግሩ ይህን ይመስላል።

```
$ python -m pdb clean.py
(Pdb) b 5
(Pdb) c
(Pdb) p v
-99
(Pdb) p values
[420, -99, -99, 310, 505, -99, 280, 610]
(Pdb) n
(Pdb) p values
[420, -99, 310, 505, -99, 280, 610]
(Pdb) n
(Pdb) p v
310
```

የመጨረሻዎቹ ሁለት መስመሮች ስህተቱን ይዘውታል። ከማስወገዱ በኋላ ዝርዝሩ ከ420 ቀጥሎ አሁንም -99 አለው። ስለዚህ ቀጣዩ ዙር ያንን -99 ያገኛል ብሎ መጠበቅ ተገቢ ነበር። ዙሩ ግን ወደ 310 ተሻግሯል። የተጠበቀውና የሆነው ነገር የተለያዩበት ቦታ ይኸው ነው።

ምክንያቱም ከዚህ በኋላ አይርቅም። የፓይተን `for` በዝርዝር ላይ ሲዞር የሚያስታውሰው ቀጥሎ የሚያነበውን የቦታ ቁጥር እንጂ ቁጥሮቹን እራሳቸውን አይደለም። ከዜሮ ጀምሮ ሲቆጠር የመጀመሪያው -99 የተነበበው ከአንደኛው ቦታ ነው። እሱ ሲወገድ ከበስተኋላው ያሉት ሁሉ አንድ አንድ ቦታ ወደ ፊት ይጠጋሉ፤ ሁለተኛው -99 አሁን በአንደኛው ቦታ ላይ ተቀምጧል። ዙሩ ግን አንደኛውን ቦታ ጨርሻለሁ ብሎ ወደ ሁለተኛው ይሄዳል። በአንድ ወረፋ ላይ ስም ጠሪው ቁጥር እየተከተለ ሲጠራ፣ ከፊት አንድ ሰው ወጥቶ ወረፋው ሲጠጋ፣ የሚቀጥለው ሰው ሳይጠራ ይታለፋል።

ተንታኟ እንደገና `c` ብትል ሌላ ያልጠበቀችው ነገር ያጋጥማታል። ፕሮግራሙ በድጋሚ በአምስተኛው መስመር ይቆማል፤ `v` አሁንም -99 ነው፤ ዙሩም አራተኛው ቦታ ላይ ደርሷል። ነገር ግን `p values.index(v)` ስትል መልሱ 1 ይሆናል። `remove` የሚያስወግደው ዙሩ የቆመበትን -99 ሳይሆን ከፊት በመጀመሪያ የሚያገኘውን ነው። በሌላ አነጋገር፣ ቀድሞ የተዘለለው -99 አሁን በሌላው ምትክ ተወገደ፤ የተመረመረው ግን በቦታው ቀረ። ከዚህም በኋላ ዝርዝሩ ስለተጠጋ ዙሩ 280ን ሳያይ በቀጥታ ወደ 610 ይዘላል። በዚህ ምሳሌ 280 ትክክለኛ መልስ ስለሆነ መታለፉ ጉዳት አላመጣም፤ ነገር ግን ዙሩ ሌላ ሥራ ቢጨመርበት፣ ለምሳሌ ገንዘቡን ከዶላር ወደ ብር እንዲቀይር ቢታዘዝ፣ አንድ ቤተሰብ ሳይቀየር ይቀር ነበር። `print("removed", v)` ይህን ሁሉ "removed -99" በሚሉ ሁለት ተመሳሳይ መስመሮች አጠቃሎት ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል ነው። `values.index(v)` የሚለውን ጥያቄ ማንም አስቀድሞ በ`print` አይጽፈውም፤ ጥያቄው የተወለደው ከቀደመው መልስ ነው። በ`print` የሚሠራ ሰው አዲስ ጥያቄ በመጣለት ቁጥር ኮዱን ቀይሮ ፕሮግራሙን ከመጀመሪያው ማስነሳት ይኖርበታል። መረጃውን ለማንበብ ብቻ አሥር ደቂቃ የሚፈጅ ፕሮግራም ላይ አምስት ጥያቄ ማለት ሃምሳ ደቂቃ ነው። ስለዚህም ሰው ሳይወድ በግዱ ጥያቄ መቆጠብ ይጀምራል፤ የቆጠበው ጥያቄ ደግሞ ብዙ ጊዜ ስህተቱን የሚያገኘው ነው።

ስምንት ሺህ መስመር ሲሆን

በዲበገር ላይ የሚነሳው የተለመደ ተቃውሞ "ስምንት ሺህ ጊዜ ልቆም ነውን?" የሚል ነው። ቅድመ ሁኔታ ያለው ብሬክፖይንት የተፈጠረው ለዚህ ነው። ከመስመር ቁጥሩ ቀጥሎ ኮማ አድርጎ ሁኔታውን መጻፍ ይቻላል፦

```
(Pdb) b 4, v < 0 and v != -99
```

ይህ ፕሮግራሙ በስምንት ሺሁም ዙር በራሱ እንዲሮጥ፣ የመልስ አልባ ምልክት ያልሆነ አሉታዊ ቁጥር ሲያጋጥመው ብቻ እንዲቆም ያደርገዋል። ከውጭ የተላከ ገንዘብ ከዜሮ በታች ሊሆን ስለማይችል እንዲህ ያለ ቁጥር ከተገኘ ወይ መረጃ አስገቢው ተሳስቷል፣ ወይ ጥናቱ ሌላ ያልተነገረ ምልክት፣ ለምሳሌ -98ን፣ ተጠቅሟል ማለት ነው። ከዚህ የምንረዳው ቅድመ ሁኔታው የተንታኟ እምነት የተጻፈበት ቦታ መሆኑን ነው፤ "ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይገባም" የምትለውን ትጽፋለች፤ ከሆነ ፕሮግራሙ ቆሞ ይጠብቃታል።

ብሬክፖይንቱ ፈጽሞ ባይቆምስ? ይህም ራሱ መልስ ነው፤ ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ተንታኟ ቁጥሮቹን በኮዱ ውስጥ ከመጻፍ ይልቅ ከሲኤስቪ ፋይል በፓይተን `csv` ሞጁል ብታነብ፣ እያንዳንዱ ዋጋ የሚመጣው እንደ ቁጥር ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ነው። `v == -99` የሚለው ንጽጽር ጽሑፍን ከቁጥር ጋር ስለሚያነጻጽር ሁልጊዜ ሐሰት ይሆናል፤ በአምስተኛው መስመር ላይ ያለው ብሬክፖይንትም አንድ ጊዜ እንኳ አይነካም። በዚህ ጊዜ አንድ መስመር ወደ ላይ፣ በአራተኛው ላይ ቆሞ `p v` ማለት ይበቃል። `pdb` በትእምርተ ጥቅስ የታጠረ `'-99'` ያሳያል፤ `print(v)` ግን ጥቅሱን አስወግዶ -99 ብቻ ያትማል። ሁለቱ በማያ ገጽ ላይ ፍጹም አንድ ይመስላሉ። ይህ ጥቃቅን ልዩነት ብዙ ሰዓት አባክኗል፤ `print` የተሠራው ለሰው ዓይን እንዲያምር ስለሆነ ለምርመራ የሚያስፈልገውን ምልክት ይደብቃል።

ተቃዋሚዎቹ የሚሉት

ይህ አቋም ያለ ተቀናቃኝ አይደለም፤ ተቀናቃኞቹም ቀላል ሰዎች አይደሉም። ብራያን ከርኒሃንና ሮብ ፓይክ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ፣ መስመር በመስመር ከመራመድ ይልቅ ጠለቅ ብሎ ማሰብና ወሳኝ በሆኑ ቦታዎች የማተሚያና የራስ መፈተሻ ትእዛዞችን ማስቀመጥ የበለጠ ፍሬያማ ሆኖ እንዳገኙት ጽፈዋል። ክርክራቸው ሁለት ጠንካራ እግሮች አሉት። አንደኛው፣ `n` እየጫኑ በሺህ መስመር ውስጥ መንከራተት ማሰብን ሊተካ እንደሚሞክር ሰነፍ ልማድ መሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ የታተመ ነገር በኮዱ ውስጥ ስለሚቀር ነገም ይሠራል፤ የዲበገር ንግግር ግን መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል።

ለመጀመሪያው ክርክር መልሱ ከላይ ባለው ምሳሌ ውስጥ አለ። ተንታኟ በአጋጣሚ አልተንከራተተችም፤ "ከዚህ ቀጥሎ -99 ይመጣል" የሚል ግምት ይዛ ሁለት ጊዜ ብቻ `n` ብላ ግምቷን ፈተነች። ግምት ሳይኖር የሚደረግ እርምጃ በእርግጥ ጊዜ ማባከን ነው፤ ግምት ሳይኖር የሚጻፍ `print`ም እንዲሁ ነው። ሁለተኛው ክርክር ግን እውነት ነው፤ ሊታለፍም አይገባም። ዲበገር ስህተትን ያገኛል እንጂ ተመልሶ እንዳይመጣ አይከላከልም። ስለሆነም የተገኘው ነገር ወደ ኮዱ ተመልሶ መጻፍ አለበት፦

```python
clean = [v for v in values if v != -99]
assert len(clean) == len(values) - values.count(-99)
```

የመጀመሪያው መስመር የሚዞርበትን ዝርዝር ሳይነካ አዲስ ይሠራል፤ ስለዚህ የሚጠጋም የሚዘለልም የለም። ሁለተኛው መስመር የተወገዱት ቁጥር በመረጃው ከነበሩት -99ዎች ጋር እኩል መሆኑን ያረጋግጣል፤ ካልሆነ ፕሮግራሙን ያቆመዋል። በአሮጌው ዙር ውስጥ ከማስወገዱ በፊት የነበረው ርዝመትና የ-99 ቁጥር ተይዞ ይህን የመሰለ ፍተሻ ቢኖር ኖሮ፣ 337.67 የሚለው ቁጥር ከኮምፒውተሩ አይወጣም ነበር።

ዲበገር የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። በሥራ ላይ ያለን አገልግሎት፣ ለምሳሌ ደንበኞች ገንዘብ የሚልኩበትን ሰርቨር፣ በመካከል ማስቆም አይቻልም፤ እዚያ የሚያገለግለው በሥርዓት የተጻፈ የክንውን መዝገብ ነው። ሁለት ሂደቶች በአንድ ጊዜ ሲሮጡ በጊዜ መቀዳደም የሚፈጠር ስህተትም አንዱን ሲያስቆሙት ሊሰወር ይችላል። በተጨማሪም `p` ሁልጊዜ ንጹሕ ተመልካች አይደለም። ዙሩ የሚዞረው በፓይተን ጀነሬተር ላይ ከሆነ፣ ማለትም ዋጋዎቹን አንድ በአንድ ሰጥቶ በሚያልቅ ነገር ላይ፣ ይዘቱን ለማየት `p list(rows)` ማለት ሁሉንም ያሟጥጠዋል፤ ፕሮግራሙ ሲቀጥል ዙሩ የሚያነበው አያገኝም። ጠያቂው ባለማወቅ ራሱ አዲስ ስህተት ፈጥሮ ያንኑ ሲያሳድድ ይውላል። እንዲህ ባለ ጊዜ መታየት ያለበት ዙሩ አሁን የያዘው አንድ ዋጋ እንጂ ምንጩ አይደለም።

ሪፖርቱን የሚቀበሉት

ይህ ጉዳይ ኮድ ጸሐፊውን ብቻ የሚመለከት አይደለም። የትንታኔ ሪፖርት የሚያዝዙ፣ የሚገመግሙና በእሱ ላይ ተመሥርተው የሚወስኑ ሰዎች ኮዱን ማንበብ ባይችሉ እንኳ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ይችላሉ። አንደኛው፣ "ስንት መዝገብ ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ልዩነቱስ ከየት መጣ?" የሚል ነው። በምሳሌው ውስጥ ስምንት ገብቶ ስድስት ወጥቷል፤ መልስ አልባዎቹ ግን ሦስት ነበሩ። ይህን ለማየት ፓይተን ማወቅ አያስፈልግም። ሁለተኛው፣ "ዙሩ በአንድ መዝገብ ላይ ምን እንዳደረገ ቆማችሁ አይታችኋል?" የሚል ነው። ለዚህ ጥያቄ "ውጤቱ ትክክል ይመስላል" የሚል መልስ ከተሰጠ ሥራው አልተፈተሸም ማለት ነው።

337.67ም ትክክል ይመስል ነበር። ስህተቱን ያጋለጠው የቁጥሩ መልክ ሳይሆን በአምስተኛው መስመር ላይ የተደረገ አንድ ማቆሚያ፣ ከዚያም ሁለት ጊዜ የተባለ `n` ነው።